ትንሿ ጣት ለምን ተረፈች?

ጎንደር አራዳ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የልብስ ስፌት ማሽን ላይ የምትውል የአርባ ዓመት ሴት እናስብ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቀኝ እጇ ደንዝዞ፣ ጣቶቿን መርፌ መርፌ እያላት ከእንቅልፏ ትነቃለች። ተነሥታ እጇን ደጋግማ ስታራግፈው ቀስ እያለ ይለቃታል። ለጎረቤቷ ብትነግራት "ብርድ ነው፤ እጅሽን ሸፍነሽ ተኚ" ትላታለች። የደጋው ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ነገሩ እውነት ይመስላል። ነገር ግን "የትኛው ጣትሽ ነው የሚደነዝዘው?" ብሎ የጠየቃት የለም። ብትጠየቅ አውራ ጣቷን፣ ሌባ ጣቷን፣ የመሃል ጣቷንና የቀለበት ጣቷን ግማሽ ታሳይ ነበር። ትንሿ ጣት ግን ደህና ናት። ብርድ ደግሞ ጣት አይመርጥም።

ጣት የሚመርጠው ነርቭ ነው። የዚህች ሴት ችግር ያለው የእጅ አንጓ ላይ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው፤ ሐኪሞች ካርፓል ተነል ይሏታል። ብዙ ሰው ሰዓት የሚታሰርበት ቦታ ላይ ያለች ይመስለዋል። የምትጀምረው ግን አንጓው ሲታጠፍ ከሚታየው መስመር ነው፤ ከዚያ ወደ መዳፍ ትገባለች።

መተላለፊያዋ የተሠራችው እንደ አሸንዳ ነው። የእጅ አንጓ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉት። እነዚህ ጎን ለጎን ተደርድረው ሲገጣጠሙ ወደ መዳፍ በኩል የጎደጎደ ቅርጽ ይሠራሉ፤ ወለሉና ግድግዳው እነሱ ናቸው። በላዩ ላይ እንደ ክዳን የተወጠረው ወፍራምና ጠንካራ ማሰሪያ ነው። በአንድ ወገን በአውራ ጣት በኩል ካሉ ሁለት አጥንቶች፣ በሌላው ወገን በትንሿ ጣት በኩል ካሉ ሁለት አጥንቶች ጋር ተጣብቋል። ከአራቱ አንዱን በእጅ መዳሰስ ይቻላል፦ በትንሿ ጣት በኩል መዳፍ ከአንጓ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሲጫኑት አተር የምታክል ጠንካራ ነገር ትገኛለች። አጥንቱ አይለጠጥም፤ ክዳኑም እንደዚያው ነው ማለት ይቻላል።

በዚህች አሸንዳ ውስጥ 10 ነገሮች ያልፋሉ። ዘጠኙ ጣት የሚያጥፉ ጅማቶች ናቸው፦ ለአራቱ ጣቶች ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት፣ ለአውራ ጣት ደግሞ አንድ። ክንድዎን በሌላው እጅዎ ይዘው ጣቶችዎን ቢያንቀሳቅሱ ጅማቶቹን የሚስቡት ጡንቻዎች ክንድ ላይ ሲሠሩ ይሰማዎታል። አሥረኛው ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ነው። በተለምዶ ጅማትንም ነርቭንም "ጅማት" እንላለን፤ እዚህ ላይ ግን መለየት ግድ ነው። ጅማት የሚጎትት ገመድ ነው፤ ነርቭ ስሜትንና ትእዛዝን የሚያመላልስ ለስላሳ ክር ነው። ሚዲያን ነርቭ ደግሞ ያለው ከክዳኑ ሥር ነው። ጅማቶቹን የሸፈነው የሚያንሸራትት ልባስ ቢያብጥ፣ ግድግዳውም ክዳኑም ቦታ ስለማይለቁ ተጨምቆ የሚቀረው ይኸው ለስላሳው ነርቭ ነው።

እጅን የሚመግቡት ዋና ዋና የደም ሥሮች በዚህች መተላለፊያ አያልፉም። ስለዚህ "ደም አልዘዋወር ብሎ ነው" የሚለው ግምት አያስኬድም። የሴትዮዋ እጅ እየደነዘዘም ሙቀቱና መልኩ እንደ ወትሮው ነው፤ የልብ ትርታዋም አንጓዋ ላይ ይዳሰሳል።

የትንሿ ጣት ነገርም እዚህ ላይ ይፈታል። ለእሷና ለቀለበት ጣት ቀሪ ግማሽ ስሜት የሚሰጠው አልናር የሚባል ሌላ ነርቭ ነው። እሱ ከክዳኑ በላይ ስለሚያልፍ ከሥር ያለው ግፊት አይደርስበትም። የቀለበት ጣት ለሁለት የሚከፈለውም የሁለቱ ነርቮች ድንበር እሱ ላይ ስለሆነ ነው። ሌላም ምልክት አለ። በአውራ ጣት ሥር ላለው የመዳፍ ቆዳ ስሜት የምትሰጠው ቅርንጫፍ ከሚዲያን ነርቭ የምትለየው ከአንጓው በላይ ክንድ ላይ ነው፤ እሷም በክዳኑ ላይ ታልፋለች። ስለዚህ ጣቶቹ ደንዝዘው ይህ የመዳፍ ክፍል ደህና ከሆነ፣ የተጨመቀው አንጓ ላይ ነው ማለት ነው። መዳፉም አብሮ ከደነዘዘ ችግሩን ከዚያ በላይ፣ ክንድ ወይም አንገት ላይ መፈለግ ያስፈልጋል።

ታዲያ ሌሊት ለምን ይብሳል? ጌልበርማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት በመተላለፊያዋ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክተው ነበር። የደም ግፊት በሚለካበት መለኪያ፣ በጤነኛ ሰው 2.5 ገደማ ሲሆን በሕመምተኞች 32 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሕመምተኞቹ አንጓቸውን ወደ መዳፍ በኩል ሲያጥፉ ወደ 90 ዘለለ። ነርቩ ራሱ የሚመገብባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ግን ግፊቱ ከ20 እስከ 30 ሲደርስ ጀምሮ ፍሰታቸው ይዳከማል። ሰው ሲተኛ እጁን ሳያውቀው ያጥፋል፤ ቀን በእግር የተጠራቀመው ፈሳሽም ወደ ላይኛው አካል ይመለሳል። ነርቩ ይራባል፤ ሰውየውም ይነቃል። እጁን ሲያራግፍ አንጓው ስለሚቃና ይለቀዋል።

ሳይታከም ከቆየ ነርቩ ደረጃ በደረጃ ይጎዳል። መጀመሪያ ስሜት የሚያመላልሱት ክሮች ይዳከማሉ፤ ልብስ ሰፊዋ መርፌ ከጣቷ ይወድቅባታል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታታል። ቀጥሎ የክሮቹ ሽፋን ይጎዳል፤ ግፊቱ ከተነሣ ይህ ሊጠገን ይችላል። በመጨረሻ ክሮቹ ራሳቸው ሲሞቱ በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ይሟሽሻል። መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ አውራ ጣቷን ወደ ጣሪያ ማንሣት ያስቸግራታል፤ የጣቱን ጫፍ ግን ታጥፋለች። ጫፉን የሚያጥፈው ጡንቻ ያለው ክንድ ላይ ስለሆነ ትእዛዙ የሚደርሰው ከመተላለፊያዋ በፊት ነው።

ሐኪም ሁለቱን አንጓዎች ለ60 ሰከንድ አሳጥፎ ድንዛዜው መምጣት አለመምጣቱን ያያል፤ ነርቩ ላይ መታ መታ ያደርጋል። ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም፤ ጥርጣሬ ካለ የነርቭ ፍጥነት ይለካል። ከሌሎች ሕመሞች መለየትም አለበት። የስኳር ሕመም የሚያመጣው ድንዛዜ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም እግሮች ይጀምራል። የሥጋ ደዌ በብዛት የሚያጠቃው አልናርን ክርን አካባቢ ስለሆነ ትንሿን ጣት ያደነዝዛል፤ ብዙ ጊዜም ስሜት የሌለው የቆዳ ምልክት ይኖረዋል። በሌላ በኩል እርግዝና፣ የስኳር ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ብግነትና የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ መተላለፊያዋን ሊያጣብቡ ይችላሉ። በእርግዝና የመጣው ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይሻላል።

ሕክምናው ከዚሁ አሠራር ይነሣል። ቀለል ላለው ሕመም አንጓን ሌሊት ቀጥ አድርጎ በሚይዝ ድጋፍ ለሳምንታት መተኛት የመጀመሪያው ነው፤ ሐኪም እብጠት የሚያበርድ መርፌም ሊወጋ ይችላል። ይህ ካልረዳ ወይም ሥጋው መሟሸሽ ከጀመረ በቀዶ ሕክምና ክዳኑ ይቆረጣል፤ መተላለፊያዋ ትሰፋለች፣ ነርቩም ይተነፍሳል። ከሞቱት ክሮች ግን ሁሉም አይመለሱም።

ስለዚህ እጅዎ ሌሊት ቢደነዝዝ፣ ነገሩን ብርድ ነው ብለው ከመተውዎ በፊት እያንዳንዱን ጣት ለይተው ይዳስሱ። ለሐኪሙም "እጄ ደነዘዘ" ከማለት ይልቅ የደነዘዙትን ጣቶች አንድ በአንድ ይቁጠሩለት፤ ያልደነዘዘችውንም ይንገሩት።