ታጥቦ የገባ ሹራብ

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር እህቴ የባሏን የሱፍ ሹራብ ከሌላው ልብስ ጋር ደባልቃ ማጠቢያ ማሽን፣ ከዚያም ማድረቂያ ውስጥ ከተተችው። ሲወጣ ለስድስት ዓመት ልጃቸው ልክ ሆነ። «እስኪ እርጥብ አድርገሽ ሳብ ሳብ አድርጊው» አልኳት በስልክ። ምክሬ ከንቱ ነበር።

ሱፍ የበግ ጸጉር ነው። በአጉሊ መነጽር ቢታይ እያንዳንዱ ጸጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ቅርፊቶች ተሸፍኗል፤ የሁሉም አፍ ወደ ጸጉሩ ጫፍ ያይላል። ሱፉ ርሶ ሲለሰልስና ሲታሽ ጸጉሮቹ ወደ ሥራቸው አቅጣጫ ብቻ ይንሸራተታሉ፤ ሊመለሱ ሲሉ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሞንጎሎች የድንኳናቸውን ወፍራም ልብድ የሚሠሩት ይህንኑ አውቀው ነው፦ ሱፉን አርሰው፣ ጠቅልለው፣ እያንከባለሉ። የእህቴ ማሽንም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሙቀቱ ያግዛል እንጂ ዋናው ጥፋት ከእሽታውና ከመንከባለሉ ነው።

ስለዚህ የሱፍ ሹራብ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይዘፈዘፋል፤ በመዳፍ ጫን ጫን ይደረጋል እንጂ አይታሽም፣ አይጠመዘዝም። ከዚያ በፎጣ ተጠቅልሎ ውሃው ይመጠጥና ተዘርግቶ ይደርቃል። በገመድ ከተሰቀለ ደግሞ የውሃው ክብደት ይለጥጠዋል። ትንሽ የገባ ሹራብ ይድን እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። የሹራቡ ዓይኖች አንድ በአንድ ከታዩ እርጥቡን ቀስ ብሎ መሳብ ይሠራል፤ ዓይኖቹ ጠፍተው ላዩ እንደ ልብድ ከደደረ ግን አልቆለታል።

ጥጥ ቅርፊት የለውም። እሱን የሚያስገባው ገና ሲሠራ የደረሰበት ውጥረት ነው። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ይሸምናል፤ ውሃ ሲነካው ክሩ ያብጣል፣ ውጥረቱ ይለቃል፣ ጨርቁም ይሰበሰባል። ከጥቂት እጥበት በኋላ ይህ በአብዛኛው ያበቃል። ለሐበሻ ቀሚስ ሸማ የምታዝዝ ሴት፣ ከዚያው ሸማኔ እጅ የወጣ ቁራጭ ላይ በድሩ አቅጣጫ 50 ሳንቲሜትር ለክታ በቀለም ክር ምልክት ታድርግ፤ አጥባና አድርቃ ደግሞ ትለካው። 46 ከሆነ ከመቶ 8 ገብቷል ማለት ነው። ቀሚሷ ታጥቦ 138 ሳንቲሜትር እንዲሆንላት 150 ማዘዝ አለባት፤ ሰፊው ከመቁረጡ በፊትም ሸማው መታጠብ አለበት። ጥለቱ ከሌላ ዓይነት ክር ከሆነ ግን ከጥጡ እኩል ስለማይገባ ጠርዙ ይሸበሸባል፤ ያንን በቁራጩ ላይ አስቀድሞ ማየት ይሻላል።

ለተሹራበ የጥጥ ካናቴራ ማድረቂያው ክፉ የሚሆነው ወደ መጨረሻው ነው። ገና እርጥበት ሳለው አውጥቶ፣ ርዝመቱን በእጅ ሳብ አድርጎ፣ ዘርግቶ ማድረቅ ይበቃል።