ራዲያተር ከታች ሞቆ ከላይ ሲቀዘቅዝ፤ የታፈነ አየርና የሮቶው ከፍታ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ባሉት ወራት የሌሊቱ ቅዝቃዜ ይበረታል። አብዛኛው ነዋሪ ቤቱን የሚያሞቀው በኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም በከሰል ነው። በቦይለር የሞቀ ውኃ በቧንቧ እየዞረ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ራዲያተሮችን የሚያሞቅበት ዘዴ በአገራችን ብዙም የተስፋፋ አይደለም። ዘዴው በተዘረጋበት ቤት ግን አንድ ብልሽት ደጋግሞ ያጋጥማል፤ ራዲያተሩ ከታች ሞቆ ከላይ ቀዝቃዛ ይሆናል።

ምክንያቱ በአብዛኛው አየር ነው። አየር ከውኃ ስለሚቀልል ወደ ላይ ይወጣና በራዲያተሩ አናት ይጠራቀማል። አየሩ በያዘው ቦታ ሙቁ ውኃ ሊገባ ስለማይችል የብረቱ የላይኛው ክፍል አይሞቅም። በናፍጣ የሚሠራ የውኃ ፓምፕ ወይም ትራክተር ያለው ገበሬ ነገሩን በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ ነዳጅ አልቆበት የቆመ ሞተር እንደገና ቢሞላለትም በነዳጅ መስመሩ ውስጥ የገባው አየር ካልወጣ አይነሣም።

አየሩ ወደ ራዲያተሩ የሚገባው በተለያየ መንገድ ነው። ከቧንቧ የሚመጣ ውኃ ሁሉ በውስጡ የተሟሟ አየር አለው። ድስት ተጥዶ ውኃው ገና ሳይፈላ በድስቱ ጎንና ወለል ላይ የሚታዩት ጥቃቅን አረፋዎች ይኸው አየር ናቸው። ስለዚህ አዲስ ውኃ በተሞላ ቁጥር አዲስ አየር አብሮ ይገባል። ከዚህ ሌላ፣ የውኃው ግፊት ሲያንስ አየር በላላ መጋጠሚያ ከውጭ ይሳባል።

ራዲያተሩን ከመንካት በፊት ብልሽቱ በእርግጥ የአየር መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ከላይ ቀዝቅዞ ከታች የሞቀ ከሆነ አየር ነው። ከላይ ሞቆ የታችኛው መሐል ከቀዘቀዘ በውስጡ የዝገት ደለል ተቀምጧል፤ ይህ በማስተንፈስ አይድንም፣ መታጠብ አለበት። ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ ደግሞ ቫልቩ ተዘግቶ ወይም ውኃውን የሚያዞረው ፓምፕ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

አየሩን ለማስወጣት በቅድሚያ ቦይለሩና ፓምፑ ይጠፋሉ፤ ውኃው እስኪበርድም ይጠበቃል። ፓምፑ እየሠራ ከተከፈተ አየሩ ከውኃው ጋር እየተንገላታ በአንድ ቦታ አይሰበሰብም፤ ውኃው ሞቃት ከሆነም እጅ ያቃጥላል። ከዚያ በራዲያተሩ አናት ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ማስወጫ ብሎን ትፈለጋለች። በአንዳንዱ በአራት ማዕዘን ቁልፍ፣ በሌላው በካቻቢቴ ትከፈታለች። ከሥሯ ጨርቅና ኩባያ ተይዞ ብሎኗ ወደ ግራ ሩብ ዙር ያህል፣ ቢበዛ ግማሽ ዙር ትዞራለች። ፈጽሞ እንዳትነቀል መጠንቀቅ ይገባል፤ ከተነቀለች ውኃው ይፈናጠራል፣ መልሶ ማስገባቱም ያስቸግራል። አየሩ "ሽሽ" እያለ ይወጣል፤ ቀጥሎ ውኃ ከአረፋ ጋር ይንጠባጠባል። ያለማቋረጥ ውኃ ብቻ መፍሰስ ሲጀምር ብሎኗ ትዘጋለች። ፎቅ ባለው ቤት ሥራው ከምድር ቤት ተጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል።

በእነዚህ ከተሞች ችግር የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ብሎኗ ስትከፈት አየሩን ወደ ውጭ የሚገፋው የውኃው ግፊት ነው። የከተማው ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቤቱ የሚሞላው ከሮቶ ስለሆነ፣ ግፊቱን የሚወስነው የሮቶው ከፍታ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሜትር የውኃ ከፍታ 0.1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል።

ለምሳሌ በሱሉልታ አንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አለ እንበል። የግፊት መለኪያው ቦይለሩ አጠገብ፣ ከመሬት 1 ሜትር ላይ ነው። የፎቁ ራዲያተር አናት ደግሞ ከመሬት 4 ሜትር ላይ ይገኛል። ሮቶው ጣሪያ ላይ ተቀምጦ የውኃው ገጽ ከመሬት 7 ሜትር ቢሆን፣ መለኪያው 0.6 ባር ያነባል። ፎቅ ላይ ያለው ራዲያተር ከውኃው ገጽ 3 ሜትር ዝቅ ስለሚል 0.3 ባር ይደርሰዋል። ይህ አየሩን ለመግፋት ይበቃል።

ያው ሮቶ ጣሪያ ላይ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ባለ አጭር ማማ ላይ ቢቀመጥና የውኃው ገጽ ከመሬት 3.5 ሜትር ብቻ ቢሆንስ? መለኪያው 0.25 ባር ያነባል፤ የራዲያተሩ አናት ግን ከውኃው ገጽ ግማሽ ሜትር ከፍ ይላል። ውኃው እዚያ ድረስ በራሱ አይወጣም። ባለቤቱ ብሎኗን ሲከፍት "ሽሽ" የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል፤ ነገር ግን አየሩ እየገባ እንጂ እየወጣ አይደለም። ለመለየት ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ወደ ቀዳዳው ማስጠጋት ነው፤ ወረቀቱ ወደ ቀዳዳው ከተሳበ ብሎኗ ወዲያው ትዘጋ።

ስለዚህ ከማስተንፈስ በፊት መለኪያው ይታይ። ከመለኪያው እስከ ከፍተኛው ራዲያተር አናት ላለው ለእያንዳንዱ ሜትር 0.1 ባር ተቆጥሮ፣ በላዩ 0.3 ባር ይጨመራል። በምሳሌው ቤት ልዩነቱ 3 ሜትር ስለሆነ ቢያንስ 0.6 ባር ያስፈልጋል ማለት ነው። ሮቶው ይህን ካልሰጠ በትንሽ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ መሙላት ይቻላል። የታሸገ ሥርዓት ውኃው ቀዝቃዛ ሳለ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር ይሞላል። ከዚህ አብዝቶ መሙላት አይገባም፤ ውኃው ሲሞቅ ስለሚሰፋ ግፊቱ ይጨምራል፣ በብዙ ቦይለሮች ላይ ያለው የደኅንነት ቫልቭም 3 ባር ሲደርስ ይከፈታል። አየሩ ከወጣ በኋላ ግፊቱ ስለሚቀንስ መለኪያው እንደገና ታይቶ የጎደለው ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ቦይለሩና ፓምፑ ይከፈታሉ።

የአካባቢው ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ስለምትጠጋ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በላይኛው ገንዳው ክፍት በሆነ ሥርዓት ላይ ቦይለሩን 85 ዲግሪና ከዚያ በላይ ማድረስ ውኃውን ወደ መፍላት ያስጠጋዋል፤ በውስጡ ያለው አየርም ፈጥኖ ይለያል። 70 ዲግሪ አካባቢ ማድረግ ይህን ይቀንሳል።

አንድ ጊዜ የተነፈሰ ራዲያተር ለወራት ደኅና መሥራት አለበት። በየሁለት ሳምንቱ አየር የሚይዝ ከሆነ ግን ውኃ የሚፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ መለኪያው በየጊዜው መውረዱ ይህን ያረጋግጣል። እያስተነፈሱ እየሞሉ መቀጠል ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ ከአዲሱ ውኃ ጋር የሚገባው ኦክስጅን ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል፣ ዝገቱም ደለል ይሆናል። ዝገት ሃይድሮጂን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ሊፈጥር ስለሚችል በማስተንፈሻው አጠገብ ክብሪት ወይም ሻማ መለኮስ አይገባም። እንዲህ ያለው ቤት የሚያስፈልገው መፍሰሻውን ፈልጎ የሚዘጋ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ጥገናው እስኪያልቅ ድረስም የከሰል ምድጃ በተዘጋ መኝታ ክፍል ውስጥ አስገብቶ መተኛት አይገባም፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል።