ፋክቶሪያል ያለበት ድምር ድንበሩ የት ነው?

1 + x/2 + x²/6 + x³/20 + x⁴/70 + …

ይህ ድምር ማለቂያ የለውም። x 1 ከሆነ ግን ድምሩ 1.736 አካባቢ ይረጋጋል፤ የፈለጉትን ያህል ቢደምሩ ከዚያ ብዙም አያልፍም። x 10 ሲሆን ደግሞ ቁሞቹ 1፣ 5፣ 16.7፣ 50፣ 142.9 እያሉ ያድጋሉ፤ የሚረጋጋ ነገር የለም። በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ድንበር አለ ማለት ነው። ከ0 እስከዚያ ድንበር ያለው ርቀት የፓወር ሲሪሱ ራዲየስ ይባላል።

የ xⁿ አባዥ (n!)²/(2n)! ነው። ፋክቶሪያል ከ1 እስከ ቁጥሩ ያሉትን ሁሉ ያባዛል፤ 4! ማለት 1×2×3×4 = 24 ነው። እንዲህ ያሉ ግዙፍ ብዜቶችን አንድ በአንድ ማስላት አድካሚ ስለሆነ የፈረንሳዩ ዳላምቤር የውድር ፈተና ይመረጣል፦ እያንዳንዱን ቁም ከፊቱ ላለው ቁም ማካፈል።

በዚህ ጊዜ ፋክቶሪያሎቹ ይጣፋሉ። (n+1)! ለ n! ሲካፈል (n+1) ብቻ ይቀራል፤ ካሬ ስላለው (n+1)² ይሆናል። ታህት ላይ ደግሞ (2n)! ወደ (2n+2)! ስለሚያድግ አዲስ የሚገቡት አባዦች ሁለት ናቸው፦ (2n+1) እና (2n+2)። ስለዚህ ውድሩ

(n+1)²|x| / ((2n+1)(2n+2))

ነው። n እጅግ ሲያድግ ላዕሉ ወደ n²፣ ታህቱ ወደ 4n² ይቀርባል፤ ሊሚቱም |x|/4 ይሆናል። ይህ ከ1 እንዲያንስ |x| ከ4 ማነስ አለበት። ራዲየሱ 4 ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት (2n+2)! ላይ ነው። 2ን ረስቶ (2n+1)! የጻፈ ሰው ውድሩ ያለገደብ አድጎበት ራዲየሱን 0 ይለዋል። ስህተቱን ለመያዝ አባዦቹን ማየት ይበቃል፦ 1፣ 1/2፣ 1/6፣ 1/20፣ 1/70። የተከታታዮቹ ውድሮች 0.5፣ 0.333፣ 0.3፣ 0.286 እያሉ ወደ 0.25 ይወርዳሉ።

ዳር ላይ፣ x 4 ወይም −4 ሲሆን፣ ሊሚቱ ልክ 1 ስለሚሆን ፈተናው ዝም ይላል። ቁሞቹን ራሳቸውን መመልከት ያስፈልጋል። በ4 ላይ 1፣ 2፣ 2.67፣ 3.2 ናቸው፤ ውድራቸው (2n+2)/(2n+1) ሁልጊዜ ከ1 ስለሚበልጥ ማደጋቸውን አያቆሙም። ወደ 0 የማይወርዱ ቁሞች ድምር አይረጋጋም። በ−4 ላይ ምልክታቸው ቢፈራረቅም መጠናቸው ያው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ዳሮች ከክልሉ ውጭ ናቸው፤ መልሱ (−4, 4) ነው።

አባዡን ገልብጦ (2n)!/(n!)² ቢያደርጉት ራዲየሱ 1/4 ይሆናል፤ የዳሮቹ ዕጣ ግን ይለያያል። በ1/4 ላይ ቁሞቹ ወደ 0 ቢወርዱም በጣም ስለሚዘገዩ ድምሩ ያለገደብ ያድጋል። በ−1/4 ላይ እየተፈራረቁ ስለሚቀናነሱ 1/√2 ላይ ይረጋጋል፤ ክልሉም [−1/4, 1/4) ነው።