ሽቦው እኩል ስለሆነ ብቻ መሬቱ እኩል አይሆንም

ዲላና አካባቢዋ መሬት ሲወረስ፣ ሲለዋወጥ ወይም ለወንድማማች ሲከፈል አንድ የስሌት ስህተት ሰው ሲጎዳ ደጋግሜ አያለሁ። የመሬቱ ስፋት የሚገመተው በዙሪያው ነው። «ያንተም 200 ሜትር ዞረ፣ የኔም 200 ሜትር ዞረ» ይባልና ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ነገሩን በአንድ እውነተኛ ጉዳይ ላስረዳችሁ።

ወናጎ አካባቢ ሁለት ወንድማማቾች መሬት ሊለዋወጡ ተስማምተው ነበር። የታላቅየው መሬት አራቱም ጎን 50 ሜትር የሆነ ካሬ ነው። የታናሽየው ከመንገዱ ጠርዝ ተነስቶ በረጅሙ የሚሄድ፣ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 20 ሜትር የሆነ ቁራጭ ነው። ሁለቱም አጥረውታልና ሽቦው ስንት እንደፈጀ ያውቃሉ፤ አንድ ዙር 200 ሜትር። ታላቅየው «ያንተ ያነሰ መሰለኝ» ቢል ታናሽየው «ወንድም ጋሼ፣ ሽቦው እኩል ከሆነ መሬቱ የት ሄዶ ያንሳል?» አለው። ጥያቄው የቅንነት ነው፤ ሊያታልል የፈለገም የለም።

ነገሩን የገለጠው የቡና ችግኝ ነው። ታላቅየው ካሬው ላይ ከ600 በላይ ተክሎ ስለነበር ታናሽየውም ለራሱ መሬት ያንኑ ያህል አዘጋጀ። በሁለት ሜትር ርቀት ጉድጓድ አስቆፍሮ ሲተክል መሬቱ አለቀ፣ ሲሶው ችግኝ ግን ገና ጥላው ስር ተደርድሮ ነበር። ችግኝ በዚህ መጠን ሲተርፍ ወይም ሲያንስ ቆጣሪውን ከመጠርጠር በፊት መሬቱ በምን እንደተለካ መጠየቅ ይሻላል።

አጥር መስመር ነው። የሚገዛው በሜትር ነው፤ አራቱን ጎን ደምሮ መጨረስ ነው፤ 50 አራት ጊዜ 200፣ 80 እና 20 ሁለት ሁለት ጊዜ ደግሞ ያው 200። ሽቦው አራት ረድፍ ከሆነ 800 ሜትር ይገዛል፣ ቋሚ እንጨቱ በየ2.5 ሜትሩ ከሆነ 80 ይበቃል። ችግኝ ግን ቦታ ይይዛል። በሁለት ሜትር ርቀት የተተከለ ቡና በዙሪያው ሁለት በሁለት፣ ማለትም አራት ካሬ ሜትር የራሱ ነው። ስለዚህ ርዝመቱን በወርዱ አባዝቶ ለአራት ማካፈል ያስፈልጋል። ካሬው 2500 ካሬ ሜትር ነው፤ 625 ችግኝ ይይዛል። ቁራጩ 1600 ካሬ ሜትር ነው፤ 400 ብቻ። ልውውጡ በሽቦው ልክ ቢፈጸም ኖሮ ታላቅየው የ225 ቡና ቦታ ሰጥቶ ይቀር ነበር።

መሬቱ የት ሄደ ለሚለው መልሱ ቅርጹ ላይ ነው። በካሬው መሃል የቆመ ሰው ከየትኛውም አጥር 25 ሜትር ይርቃል። በቁራጩ ውስጥ ግን የትም ብትቆሙ አንዱ አጥር ከ10 ሜትር አይርቅም። መሬቱን የበለጠ ብታቀጥኑት፣ 90 በ10 ብታደርጉት፣ ሽቦው ያው 200 ሜትር ሆኖ 225 ችግኝ ይቀራል። 99 ሜትር በአንድ ሜትር ቢሆን አሁንም 200 ሜትር ሽቦ ይፈጃል፤ የሚይዘው ግን አንድ ረድፍ ቡና ነው።

ይህ የእኛ ሰፈር ስህተት ብቻ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የኖረው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ ብዙ ሰው የከተማን ትልቅነት በዙሪያው ርዝመት እንደሚገምት ጽፏል። የሜጋሎፖሊስ ዙሪያ 50 ስታዲዮን፣ የስፓርታ 48 ሆኖ ሳለ ስፓርታ እጥፍ ትሰፋለች ሲባል ሰዎች ማመን ያቅታቸዋል ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ለእኛ ለጌዴኦ የተጻፈ ያህል ነው፦ ኮረብታማ ቦታ ከሜዳው የበለጠ ቤት አይይዝም፤ ቤት የሚሠራው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነውና።

ዛፍም ቀጥ ብሎ ነው የሚያድገው። በጣም ገደላማ የሆነ መሬት አስቡ፤ በአግድም 40 ሜትር ስትሄዱ 30 ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። ሽቦው ምድሩን ተከትሎ ስለሚወርድ በዚያ ጎን 50 ሜትር ይፈጃል። በካርታ ላይ የሚታየው ግን 40 ነው፤ ለቡናው የሚቆጠረውም 40ው ነው፤ ብርሃን የሚመጣው ከላይ ስለሆነ። ገመዱን ምድር ላይ አስተኝቶ በየሁለት ሜትሩ የሚቆፍር ሰው 20 ረድፍ በሚበቃበት ቦታ 25 ያስገባል፤ በአግድም ሲታይ በረድፎቹ መካከል ያለው 1.6 ሜትር ብቻ ይሆናል፣ ቡናው ሲያድግም ቅርንጫፉ ይጋጠማል። ስለዚህ ለአጥር ገመዱን መሬት ላይ አስተኝታችሁ ለኩ፤ ለችግኝ ግን አግድም ወጥራችሁ ለኩ።

መሬት ለልጆች ሲከፈል ስህተቱ በተቃራኒው ይመጣል። ስፋቱ ሳይለወጥ አጥሩ ይጨምራል። ያንን 50 በ50 ካሬ ለአራት ልጆች በመስቀል ብትከፍሉት የውስጥ ወሰኑ 100 ሜትር ነው። በአራት ረጃጅም ቁራጮች ብትከፍሉት 150 ይሆናል። ድርሻው በሁለቱም 625 ካሬ ሜትር ነው። ብዙ ቤተሰብ በቁራጭ ሲከፍል ምክንያት አለው፤ ሁሉም መንገድ እንዲደርሰው፣ የላይኛውም የታችኛውም አፈር ለሁሉም እንዲዳረስ ነው፣ ይህም ተገቢ ነው እላለሁ። ግን የሚጨምረው 50 ሜትር ወሰን ዋጋ እንዳለው አስቀድሞ ይታወቅ።

አሁን ከሁሉም የሚከብደው፣ ጎኑ የተጣመመ መሬት። አራቱን ጎን መለካት ለአጥር ይበቃል፤ ለተክል ፈጽሞ አይበቃም። አራቱም ጎን 50 ሜትር የሆነ መሬት ካሬ ላይሆን ይችላል፤ ሁለቱ ማዕዘኖች ወደ ውጭ ተስበው ሁለቱ ወደ ውስጥ ተጨፍልቀው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገመድ ይዛችሁ ከማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን በሰያፍ ለኩ። መሬቱ ለሁለት ሦስት ማዕዘኖች ይከፈላል። ከዚያ ከሰያፉ ገመድ ወደቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ያለውን ርቀት፣ ገመዱን ከሰያፉ ጋር ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ። የእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ስፋት ሰያፉ ሲባዛ በዚያ ርቀት፣ ለሁለት ሲካፈል ነው።

ለምሳሌ ጎኑ ሁሉ 50 የሆነው መሬት ረጅሙ ሰያፉ 96 ሜትር፣ ከሰያፉ ወደየማዕዘኑ ያለው ደግሞ 14 ሜትር ከሆነ፣ አንዱ ሦስት ማዕዘን 672 ካሬ ሜትር፣ ሁለቱ 1344 ናቸው። ለአራት ሲካፈል 336 ችግኝ። ሽቦው ከካሬው ጋር አንድ ሜትር አይለይም፤ ችግኙ ግን በግማሽ ሊቀንስ ጥቂት ነው የቀረው።

እንዲህ የሚገኘው የችግኝ ቁጥር ጣሪያው ነው። የጌዴኦ ማሳ አንድ ተክል ብቻ አይይዝም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልክዓ ምድር የሚታወቀውም እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፍ በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው በመኖራቸው ነው። እንሰቱ፣ ዋንዛውና ብርብራው የያዙትን ቦታ በካሬ ሜትር ቀንሱ፤ የቀረውን ነው ለአራት የምታካፍሉት። ከአጥሩ ስሌት ላይ ግን ምንም አትቀንሱም፤ ውስጡ ምንም ይተከል፣ ዙሪያው ያው ነው።