አሞክሳሲሊን የሌለ ግድግዳ አያፈርስም

መካኒሳ አቦ አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ መስኮት ጥቂት ቢቆሙ፣ ጉንፋን ይዞት አሞክሳሲሊን የሚጠይቅ ሰው ማየትዎ አይቀርም። መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ ባይኖርበትም ጥያቄው አልቆመም። ጉንፋን በሳምንት ገደማ በራሱ ስለሚለቅ፣ ብዙ ሰው ያዳነው ካፕሱሉ ይመስለዋል።

አሞክሳሲሊን የሚመታው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው። ባክቴሪያ ራሱን ችሎ የሚኖር ሕዋስ ነው፤ ዙሪያውን በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ሲሆን፣ ባደገና በተከፈለ ቁጥር ያንን ግድግዳ ያድሳል። መድኃኒቱ ግድግዳውን የሚያያይዙትን ኢንዛይሞች ይዞ ሥራ ያስፈታቸዋል። ግድግዳው ሲሳሳ ባክቴሪያው በራሱ የውስጥ ግፊት ይፈነዳል። ሌሎቹ አንቲባዮቲኮችም የየራሳቸው ዒላማ አላቸው። ለምሳሌ አዚትሮማይሲን ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም ይዘጋል። የእኛ ሕዋስ እንዲህ ዓይነት ግድግዳ የለውም፤ ራይቦዞሙም ቅርጹ ይለያል። ባክቴሪያው ሲሞት እኛ የምንተርፈው ለዚህ ነው።

ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ግን ግድግዳም ራይቦዞምም የለውም። በፕሮቲን የተሸፈነ የዘረመል መልእክት ብቻ ነው፤ የሚባዛው የእኛ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በእኛው ራይቦዞም እየሠራ ነው። የአንቲባዮቲኩን መጠን እጥፍ ቢያደርጉትም የሚመታው ነገር አያገኝም። ይልቁንም አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይፈጃል፤ መድኃኒቱን የተላመዱት ደግሞ ተርፈው ይራባሉ።

ስለዚህ የፀረ ቫይረስ መድኃኒት ሠሪዎች የሚፈልጉት ቫይረሱ የሚሠራውን፣ እኛ ግን የማንሠራውን ሥራ ነው። ለዚህ አገራችን በደንብ የምታውቀው ምሳሌ ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ የሚታደለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው። ዛሬ አብዛኛው አዋቂ ታካሚ በቀን አንድ እንክብል ይወስዳል። በውስጧ 300 ሚሊግራም ቴኖፎቪር፣ 300 ሚሊግራም ላሚቩዲን እና 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር አሉ።

ኤች አይ ቪ ሲዲ4 ወደሚባለው የመከላከያ ሕዋስ ከገባ በኋላ በአር ኤን ኤ የተጻፈውን መልእክቱን ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጣል። ይህን የሚያደርገው ራሱ ይዞት በመጣው ኢንዛይም ነው። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የዲ ኤን ኤን ፊደላት ይመስላሉ፤ ነገር ግን የኋላ ማያያዣው እንደ ተቆረጠ የባቡር ፉርጎ ናቸው። ኢንዛይሙ ተታሎ አንዱን ሲቀጥል ቀጣዩ ፊደል የሚያያዝበት ያጣል፤ ግልባጩም እዚያው ይቆማል።

አምልጦ የተጠናቀቀ ግልባጭ ቢኖር ሌላው የቫይረሱ ኢንዛይም፣ ኢንቴግሬዝ፣ ከእኛ ዲ ኤን ኤ ጋር ሊሰፋው ይሞክራል። ኢንቴግሬዝ የሚሠራው በማግኒዚየም እየታገዘ ነው። ዶሉቴግራቪር ይህንኑ ማዕድን ጨምድዶ ይይዝና ኢንዛይሙን ያስቆመዋል። ማዕድን የመያዝ ጠባዩ ሆድ ውስጥም አይለቀውም። ነፍሰ ጡር እናት የብረት እንክብሏን በባዶ ሆዷ አብራ ከዋጠች መድኃኒቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ከምግብ ጋር ከሆነ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል፤ ካልሆነ ዶሉቴግራቪሩ ከብረቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ይወሰዳል።

ሦስት መድኃኒት ያስፈለገው የቫይረሱ ገልባጭ ኢንዛይም ስህተት ስለሚያበዛ ነው። ላሚቩዲንን ብቻውን ለመቋቋም በኢንዛይሙ ላይ የአንዲት ቦታ ለውጥ ይበቃል። ሦስቱን በአንድ ጊዜ የሚያመልጥ ለውጥ ግን እጅግ ብርቅ ነው፤ ታካሚው መድኃኒቱን እያቆራረጠ ካልወሰደ በቀር። ችግሩ መኖሩን የሚናገረው የቫይራል ሎድ ምርመራ ነው፤ ሰውየው ጤነኛ መስሎ እየታየ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ ቁጥር ሊያሻቅብ ይችላል።

ብዙ ታካሚዎች ከዚህች እንክብል ጋር ኮትሪሞክሳዞልም ይታዘዝላቸዋል። እሱ አንቲባዮቲክ ነው፤ ቫይረሱን አይነካም። የሚሰጠው የመከላከል አቅም በተዳከመበት ጊዜ የሚገቡትን የሳንባ ምችና የመሳሰሉትን ለመከላከል ነው። ጉንፋን ወይም ኢንፍሉዌንዛ ተሽሎት የነበረ ሰው ትኩሳቱ እንደገና ቢነሳና መተንፈስ ቢከብደውም ባክቴሪያ ደርቦበት ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪም መርምሮ አንቲባዮቲክ ቢያዝለት ተገቢ ነው።

የእንክብሏ ወሰን የሚታየው ሕዋሱ ውስጥ አስቀድሞ በተሰፋው ዲ ኤን ኤ ላይ ነው። ሦስቱም መድኃኒቶች አዲስ ሕዋስ እንዳይያዝ ይከላከላሉ እንጂ የተሰፋውን አይፈቱም። እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ዓመታትን አንቀላፍተው ይቆያሉ፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ወደ ደም ይመለሳል። ስለዚህ ምርመራዎ ቫይረሱ አልታየም ቢልም እንክብሉ ከማለቁ በፊት ወደ ጤና ጣቢያዎ ይሂዱ።