የኮምፒዩተር ጨዋታን መተርጎምና ማላመድ፤ ልዩነቱ በአንድ ምሳሌ ሲታይ

የመጽሐፍ ተርጓሚ ከፊቱ የሚያገኘው ቃልንና ሐሳብን ነው። የእርሱ ዐረፍተ ነገር ከዋናው ቢረዝም ገጽ ይጨመራል እንጂ ሥራው አይሰናከልም። በኮምፒዩተር ጨዋታ ግን ቃሉ የሚቀመጥበት ቦታ አስቀድሞ ተለክቶ የተሠራ ነው። ከቃሉ ጎን ሥዕል አለ፤ በዐረፍተ ነገሩም መካከል ተጫዋቹ ራሱ የሚሞላው ስም ይገባል። ስለዚህ ጨዋታን ወደ ሌላ ቋንቋ ማሻገር ከትርጉም ሰፋ ያለ ሥራ ይጠይቃል። ይህ ሥራ ማላመድ ይባላል። ማላመድ ማለት ቃሉን ብቻ ሳይሆን የቃሉን ቦታ፣ ሥዕሉንና ልማዱን አብሮ ማስተካከል ነው።

ልዩነቱን በግልጽ ለማሳየት ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያዘጋጀውን «ፋይናል ፋንታሲ 6» የተባለ ጨዋታ እንመልከት። ጨዋታው ለሱፐር ኒንቴንዶ መሣሪያ ተሠርቶ በጃፓን በ1994 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝኛ ተላምዶ ለአሜሪካ ገበያ ቀረበ። ተርጓሚው ቴድ ዉልዚ ሥራውን በ30 ቀን ያህል እንዲያጠናቅቅ ተገድዶ እንደነበረ ተናግሯል።

የቦታ ወሰን

የጃፓን ካና ፊደል እንደ እኛ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት አጣምሮ ይይዛል። በዚህ ምክንያት በጃፓንኛ አጭር ቦታ የሚበቃው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይረዝማል። በጨዋታው ውስጥ ካየን የሚባል ጦረኛ አለ። ስሙ በጃፓንኛ የሚጻፈው በአራት ምልክት ነው። በላቲን ሲጻፍ ግን Cayenne ሆኖ ሰባት ፊደል ይፈጃል፤ ለባለታሪክ ስም የተሰጠው ቦታ ደግሞ ስድስት ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙ Cyan ተባለ።

ችግሩ ይበልጥ የሚታየው በአስማቶቹ ስም ላይ ነው። ነጎድጓድ የሚያወርደው አስማት ሦስት ደረጃ አለው፤ ሳንዳ፣ ሳንዳራና ሳንዳጋ ይባላል። በጃፓንኛ ሦስቱም በአራት በአራት ምልክት ይጻፋሉ። የመጀመሪያው ቃል ምንጩ እንግሊዝኛ ስለሆነ Thunder ተብሎ ቢመለስ ሰባት ፊደል ይሆናል፤ የደረጃው ምልክት ሲጨመርበትማ ከቦታው ጨርሶ ያልፋል። ስለዚህ መብረቅ የሚል ትርጉም ያለው አጭር ቃል ተመርጦ Bolt፣ Bolt 2 እና Bolt 3 ተባሉ። ሐሳቡ ሳይጠፋ፣ የደረጃው ቅደም ተከተልም ሳይደበዝዝ ስሙ ከቦታው ጋር ተስማማ።

ሁሉም ግን እንዲህ አላማረም። Reflect የሚለው ቃል ከመካከሉ አንድ ፊደል ተነሥቶለት Rflect ሆኗል፤ Haste2 ደግሞ በቃሉና በቁጥሩ መካከል ክፍተት አጥቷል። አንባቢ እንዲህ ያለውን ባየ ጊዜ ተርጓሚው ቋንቋ አያውቅም ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ ምክንያቱ ግን የቦታ እጥረት ነው። ጠቅላላው ጨዋታ፣ ሥዕሉም ሙዚቃውም ንግግሩም፣ በ3 ሜጋባይት ማኅደር ውስጥ መግባት ስለነበረበት ንግግሮቹም ማጠር ግድ ሆኖባቸዋል።

የባህል ማስተካከያ

ሁለተኛው የለውጥ ምክንያት ልማድና ደንብ ነው። የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍ በዚያን ጊዜ ሃይማኖትን፣ አልኮልንና እርቃንን የሚመለከቱ ነገሮችን ይከለክል ነበር። ስለዚህ ቅዱስ የሚል ትርጉም ያለው Holy የተባለው አስማት Pearl ተባለ፤ እርቃናቸውን የተሣሉ ምስሎች ልብስ ተጨመረላቸው፤ በመጠጥ ቤቶች ደጃፍ የተሰቀለው ሰሌዳም የቡና ቤት ሰሌዳ ሆነ። ልብ ሊባል የሚገባው ሰሌዳው ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አለመሆኑ ነው። የቃላት ዝርዝር ብቻ የተሰጠው ተርጓሚ ይህን ከቶ አያየውም።

ደንብ ሳያስገድድ ለስሜት ሲባል የተለወጠም አለ። ዋናዋ ባለታሪክ በጃፓንኛ ቲና ትባላለች። ይህ ስም ለጃፓናዊ ጆሮ እንግዳና ምሥጢር ያዘለ ነው፤ በአሜሪካ ግን የጎረቤት ልጅ ስም ነው። ስለዚህ Terra ተባለች። ስሙን እንዳለ መመለስ ለቃሉ ታማኝ በሆነ ነበር፤ የተለወጠው ግን ስሙ በሰሚው ላይ የሚያሳድረው ስሜት እንዲጠበቅ ነው።

ጊዜ የለየው

ጨዋታው በ2007 (እ.ኤ.አ.) ጌም ቦይ አድቫንስ ለተባለው መሣሪያ እንደገና በእንግሊዝኛ ሲዘጋጅ ቦታው ሰፍቶ፣ ደንቡም ላልቶ ነበር። Holy ተመለሰ፤ Bolt 2 ም Thundara ሆነ። Terra እና Cyan ግን እንዳሉ ቀሩ፤ ተጫዋቾች በ13 ዓመት ውስጥ ለምደዋቸዋልና። ከዚህ የምንረዳው፣ በቦታ እጥረት የተሰጠ ስም አንድ ጊዜ ከሰው አፍ ከገባ እጥረቱ ቢወገድም ሊቀር እንደሚችል ነው።

ወደ አማርኛ ሲመጣ

ትምህርታዊ ጨዋታን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለሚያዘጋጁ መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች ችግሩ መልኩን ይለውጣል። የተጸውዖ ስም በእኛ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ያጥራል፤ ካየን ሦስት ፊደል ብቻ ነው። በአንጻሩ ላቲን በትልቁና በትንሹ 52 ቅርጽ ሲበቃው፣ የእኛ ዋናው ገበታ 33 በ7 ተባዝቶ 231 ቅርጽ ይፈልጋል። የራሱ ፊደል ብቻ የተሣለለት ጨዋታ አማርኛ ሲገባበት በፊደሎቹ ፋንታ ባዶ ሣጥን ያሳያል።

የሙያ ቃላትም ሲተረጎሙ ይረዝማሉ። LCM ለሚሉ ሦስት ፊደላት በተሠራ ቁልፍ ላይ «ትንሹ የጋራ ብዜት» የሚለው አይገባም። ልጆቹ በመማሪያ መጽሐፋቸው የሚያውቁት አኅጽሮት ካለ እርሱን መጠቀም፣ ከሌለም ቁልፉን ማስፋት ይገባል። ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም ለጨዋታው ብቻ አዲስ አጭር ቃል መፍጠር፣ በ Cyan የታየውን ያስከትላል፤ ልጁ የጨዋታውን ቃል ይዞ ይቀርና በፈተና ወረቀት ላይ የመጽሐፉን ሲያይ ይደናገራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ግሱ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ለወንድም ለሴትም ያገለግላል። በአማርኛ «አገኘህ» ተብሎ የተጻፈ ጨዋታ ለአልማዝ ሲከፈት የሌላ ልጅ ጨዋታ ይመስላታል። አንቱታውም ለሕፃን አይስማማም። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ መጀመሪያ ጾታ ተጠይቆ ለእያንዳንዱ መልእክት ሁለት ቅጽ ማዘጋጀት፣ ወይም ዐረፍተ ነገሩን «የተገኘ ነጥብ፦ 5» በሚል መልክ ማዋቀር ነው። ፊተኛው ሥራውን ያበዛል፣ ነገር ግን ልጁን በቀጥታ ያናግራል፤ ኋለኛው ይቀላል፣ ነገር ግን ይቀዘቅዛል።

እነዚህ ስሕተቶች በቃላት ዝርዝር ላይ አይታዩም። ስለዚህ የተላመደ ጨዋታ ከመጽደቁ በፊት በወንድና በሴት ስም፣ በረጅምና በአጭር ስም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መጫወት አለበት፤ መርማሪውም በየገጹ የተቆረጠ ቃል፣ ባዶ ሣጥን፣ በሥዕል ላይ ሳይተረጎም የቀረ ጽሑፍና ከመጽሐፉ የሚለይ ስያሜ መኖር አለመኖሩን ሊመዘግብ ይገባዋል።