ቤታ ፍርሰትና የጠፋው ጉልበት

ቤታ ፍርሰት ያልተረጋጋ ኒውክለስ ኤሌክትሮን አስወንጭፎ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚለወጥበት ሂደት ነው። በኒውክለሱ ውስጥ ካሉት ኒውትሮኖች አንዱ ወደ ፕሮቶን ይለወጣል። ለምሳሌ 83 ፕሮቶኖች ያሉት ቢስመዝ-210፣ 84 ፕሮቶኖች ወዳሉት ፖሎኒየም-210 ይሸጋገራል። የወጣው ኤሌክትሮን ቀድሞ ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ሳይሆን በለውጡ ቅጽበት የተፈጠረ ነው። ከለውጡ በኋላ ያለው መጠነ ቁስ ከቀድሞው በጥቂቱ ያንሳል፤ ልዩነቱም ጉልበት ሆኖ ይወጣል። በቢስመዝ-210 ይህ ጉልበት 1.16 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ከኒውክለስ ወደ ኒውክለስም አይለያይም።

ከፍርሰቱ የሚገኙት ነገሮች ሁለት ብቻ ቢሆኑ፣ ማለትም አዲሱ ኒውክለስና ኤሌክትሮኑ ብቻ ቢሆኑ፣ ይህ ጉልበት እንዴት እንደሚከፋፈል አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ከፍርሰቱ በፊት ኒውክለሱ ባለበት የቆመ ስለሆነ ሞመንተሙ ዜሮ ነው፤ በኋላም ድምሩ ዜሮ መሆን አለበት። ስለዚህ ጥይት ሲወጣ ጠመንጃ ወደ ኋላ እንደሚረግጥ ሁሉ፣ ኒውክለሱ ከኤሌክትሮኑ ጋር እኩል ሞመንተም ይዞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል። ኒውክለሱ ግን ከኤሌክትሮኑ ወደ 380,000 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ እጅግ አነስተኛ ነው፣ የሚደርሰውም ጉልበት 10 ኤሌክትሮን ቮልት እንኳ አይሞላም። የቀረው በሙሉ የኤሌክትሮኑ ነው። እንግዲያውስ ከቢስመዝ-210 የሚወጣ ኤሌክትሮን ሁሉ አንድ ዓይነት ጉልበት ሊኖረው ይገባል።

የታየው ግን ሌላ ነው። ጄምስ ቻድዊክ እ.ኤ.አ. በ1914 በርሊን ውስጥ በሠራው ልኬት፣ ቤታ ኤሌክትሮኖች ከትንሹ እስከ ትልቁ ድረስ ማናቸውንም የጉልበት መጠን ይዘው እንደሚወጡ አሳየ። አንዱ ኤሌክትሮን ጥቂት ጉልበት ይዞ ይወጣል፤ ሌላው ወደ ጣሪያው ይጠጋል፤ ጣሪያውን የሚያልፍ ግን የለም።

ሊዘ ማይትነርን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ኤሌክትሮኖቹ ሲነሡ እኩል ጉልበት እንዳላቸው፣ ነገር ግን ሲወጡ በመንገድ ላይ ከፊሉን እንደሚያጡ ገመቱ። ይህን ለመፈተን ቻርልስ ኤሊስና ዊልያም ውስተር ካምብሪጅ ውስጥ የመረጡት ዘዴ ከሙከራው ታሪክ ሁሉ እጅግ የሚደነቅ ነው። ቢስመዙን ኤሌክትሮን በማያሳልፍ እርሳስ ውስጥ አስገብተው፣ የእርሳሱን ሙቀት በካሎሪሜትር ለኩ። ጉልበቱ በመንገድ ላይ የሚባክን ከሆነ የባከነው ሙቀት ሆኖ እዚያው ስለሚቀር፣ ለእያንዳንዱ ፍርሰት ከአንድ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ መገኘት ነበረበት። በ1927 ይፋ ያደረጉት ውጤት ግን ወደ 350,000 ብቻ ነበር፤ ይህም ከቢስመዙ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች በአማካይ የሚይዙት ጉልበት ነው። ማይትነር ራሷ ልኬቱን ደግማ ሠርታ ተመሳሳይ ውጤት በማግኘቷ ግምቷ ወደቀ። ከጉልበቱ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከእርሳሱ ውስጥ አልተገኘም።

ኒልስ ቦር የጉልበት ዕቀባ ሕግ በአማካይ እንጂ በእያንዳንዱ ፍርሰት ላይሠራ ይችላል አለ። ይህ ሐሳብ ግን ጣሪያውን አያስረዳም። ሕጉ በየፍርሰቱ የሚጣስ ቢሆን ኖሮ ከጣሪያው በላይ የሚወጡ ኤሌክትሮኖችም በታዩ ነበር፤ ጣሪያው ግን ከኒውክለሶቹ የጉልበት ልዩነት ጋር ይገጥማል።

ቮልፍጋንግ ፓውሊ ታኅሣሥ 4 ቀን 1930 ከዙሪክ ወደ ቱቢንገን ስብሰባ በላከው ደብዳቤ ሦስተኛ ነገር አብሮ እንደሚወጣ ሐሳብ አቀረበ። ይህ ቅንጣት ኤሌክትሪካዊ ሙል የለውም፤ እጅግ ቀላል ነው፤ እርሳሱንም አልፎ ይሄዳል። ሦስት ነገሮች ሲሆኑ ሞመንተማቸው ዜሮ የሚደመርባቸው መንገዶች ብዙ ስለሆኑ፣ ጉልበቱም በየፍርሰቱ በልዩ ልዩ መጠን ይከፈላል። ኤሌክትሮኑ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ለሦስተኛው የሚቀረው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው። ኤንሪኮ ፌርሚ ቅንጣቱን ኒውትሪኖ ብሎ በመቀበል የቤታ ፍርሰትን ንድፈ ሐሳብ አዘጋጀ፤ የኤሌክትሮኖቹን የጉልበት ሥርጭትም ከዚያ አስልቶ አወጣ።

ክላይድ ካዋንና ፍሬድሪክ ራይንስ በ1956 ደቡብ ካሮላይና ባለው የሳቫና ሪቨር ሪአክተር አጠገብ ቅንጣቱን ራሱን ያዙት፤ ትክክለኛ ስሙ በዚህ ፍርሰት አንቲኒውትሪኖ ነው። አንቲኒውትሪኖው ከውኃ ፕሮቶን ጋር ሲጋጭ ፖዚትሮንና ኒውትሮን ይፈጠራሉ። ከፖዚትሮኑ የሚመጣው የጋማ ብልጭታ ቀድሞ ይታያል፤ ኒውትሮኑ በካድሚየም ሲዋጥ ደግሞ ከጥቂት ማይክሮሰከንዶች በኋላ ሌላ ብልጭታ ይከተላል። ሪአክተሩ ሲጠፋ የእነዚህ ጥንድ ብልጭታዎች ቁጥር ቀነሰ።

የሞመንተሙ ጉዳይም በዚያው ዘመን በዓይን ታየ። ሃንጋሪ፣ ደብረጸን ውስጥ ቺካይና ሳላይ የሂሊየም-6ን ቤታ ፍርሰት በክላውድ ቻምበር ፎቶግራፍ አነሡ። በፎቶግራፉ ላይ ኤሌክትሮኑና ወደ ኋላ የሚረግጠው ሊቲየም-6 በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ አይደሉም፤ በመካከላቸው ማዕዘን አለ። ሁለቱ ብቻ ቢሆኑ ይህ ሊሆን አይችልም፤ የጎደለውን ሞመንተም የወሰደው ዱካ ሳይተው የሄደው ቅንጣት ነው።